ክብ ማህተም ያለበት ወረቀት

የእጅ ጽሑፌ ያማረ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራውን ያኔ ጨርሼዋለሁ። ሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪዎቼ ደብተሬን ከፍ አድርገው ለክፍሉ ያሳዩት ነበር። ካገባሁ በኋላ ደግሞ ያ ጽሑፍ የባለቤቴ ሱቅ ንብረት ሆነ። በሃምሳዎቹ ማብቂያ ላይ፣ እዚሁ ሶዶ ውስጥ፣ አንዲት ባል የሞተባቸውን ሴት መሬታቸውን ያሳጣቸው የእኔ ቆንጆ ፊደል ነው ብል ማንም አያምነኝም። የሚያምን ባይኖርም ልጻፈው።

ሱቃችን ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ነበረች። አንድ በር፣ አንድ ባንኮኒ፣ ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ በትምህርት ቤት መክፈቻ ሰሞን ደግሞ ደብተርና እርሳስ። እኔ ከባንኮኒው ኋላ እቆማለሁ፤ ባለቤቴ ዕቃ ያመጣል፣ ከሰው ይጫወታል፣ እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት መዝሙር ይመራል። ደህና ሰው ነበር። ፈሪ ግን ነበር፤ ፈሪ ሰው ደግሞ ብልሃት አያጣም።

ያን ዓመት ከኛ ዝቅ ብሎ ባለ ሁለት በር ትልቅ ሱቅ ተከፈተ። ጨው ከኛ በርካሽ ይሸጣል፣ ላምባውን በደንብ ሞልቶ ይሰፍራል። ደንበኞቻችን በደጃችን ሲያልፉ አንገታቸውን ወደ ሌላ ጎን ያዞሩ ጀመር። ሰላም እንዳይሉን አፍረው፣ ሰላም ብለውን ሳይገቡ እንዳያልፉ ደግሞ ፈርተው። እኔ በንዴት እቃጠላለሁ። ባለቤቴ ግን አዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጣ ሄደና ከሳሙናው ካርቶን ጋር አንድ ሐሳብና አንድ የጎማ ማህተም ይዞ ተመለሰ።

ሐሳቡ ይህ ነው። ለደንበኛ ሁሉ ካርድ እንሰጣለን። ካርዱ ላይ ሠላሳ ሳጥን ተሰምሯል። የሃምሳ ሳንቲም ዕቃ የገዛ አንድ ማህተም ይመታለታል፤ አንዱ ማህተም አንድ ነጥብ ነው። ሠላሳው ሲሞላ ካርዱን ያስረክብና አንድ ኪሎ ስኳር በነጻ ይወስዳል።

"አንድ ኪሎ ስኳር ብሎ ማን ከታች ያለውን ጨው ትቶ ዳገት ይወጣል?" አልኩት።

"ሰው ስኳሩን አይደለም የሚፈልገው" አለኝ። "የጀመረውን ሳይጨርስ መተው ነው የማይሆንለት። ስለዚህ ካርዱን ስትሰጪ ሁለቱን ሳጥን በነጻ ምቺላቸው። ባዶ ካርድ ሰው ይጥላል፤ የተጀመረ ካርድ አይጥልም።"

ይህን ማን እንዳስተማረው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ነገሩ ግን እውነት ሆነ። ከሳሙና ካርቶን ቆርጬ፣ አስምሬ፣ ቁጥር ሰጥቼ መቶ ያህል ካርድ ሠራሁ። አንዱ የሌላውን እንዳይጠቀም ፊደል የማይችሉትን አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረን ካርዱ ላይ አስፈረምናቸው። የማን ካርድ ምን ላይ እንደደረሰ የምጽፍበት ደብተርም ያዝኩ። በሁለት ወር ውስጥ አንገታቸውን ያዞሩት ሰዎች አንድ በአንድ ዳገቱን ወጡ። አንዷ ጎረቤታችን አንድ ሳጥን ለማስመታት ጥቂት ሳንቲም ጎድሎባት የማትፈልገውን ክብሪት ስትገዛ አይቼ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ማህተሙ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደስ አላለኝም። ክብ ነው። መሐሉ ላይ ኮከብ አለበት፤ የሱቁ ስም ዙሪያውን ይዞራል። ቀለሙ ያው ቢሮ ሁሉ የሚጠቀምበት ወይን ጠጅ ነው። ኮከቡን ለምን አስደረግህ ብዬ ስጠይቀው "እንዲያምር ብዬ" አለኝ።

አንድ ቀን አንድ ፖሊስ ሳሙና ሊገዛ ገብቶ የሌላ ሰው ካርድ ባንኮኒው ላይ አየ። አነሳው፤ ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠው።

"ይሄን ክብ ማህተም ማን ፈቀደላችሁ?" አለ። "ክብ የመንግሥት ነው።"

ባለቤቴ ሳቀ። በፍርሃት የሚሳቅ ሳቅ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወዲያው ለፖሊሱም አዲስ ካርድ አወጣና አሥራ አምስት ሳጥን በአንድ ትንፋሽ መታለት። ፖሊሱም ስቆ ካርዱን ኪሱ ከተተ፤ ሲወጣ ግን በሩ ላይ ዞር ብሎ ማህተሙን አንድ ጊዜ አየው። ባለቤቴ ያን ቀን ምሳውን ሳይነካው መለሰው።

ከካርዱ ቀጥሎ መልእክቱ መጣ፤ የእኔ ሥራ እሱ ነው። ሰው ካርድ ይዞ ሊረሳ ይችላል፤ ስለዚህ ብጣሽ ወረቀት ላይ እየጻፍን እንልክለታለን። መጀመሪያ "ውድ ደንበኛችን፣ ስለ መጡልን እናመሰግናለን" ብዬ ጻፍኩ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ቀጥዬ "ካርድዎ ሊሞላ አምስት ነጥብ ብቻ ቀርቶታል" አልኩ። በዚያው ሳምንት ግማሾቹ መጡ። ቀሪዎቹን ደግሞ ባለቤቴ "አስፈራሪያቸው" አለኝ። ካርዱ ማብቂያ ቀን እንዲኖረው አደረግንና እንዲህ ጻፍኩ፦

"ይህን የካርድ ቁጥር የያዙ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ድረስ ካርድዎን ይዘው ባይቀርቡ ያለዎት መብት ይቃጠላል።"

"ባይመጡ" ከማለት "ባይቀርቡ" ማለት ክብደት አለው ብዬ ነው። "ነጥብ" ከማለት "መብት" ማለት ደግሞ የበለጠ ያምራል። ከታች ማህተም መታሁበት። የላክንላቸው ሁሉ መጡ ማለት ይቻላል። ሰውን ከምስጋና ይልቅ ስጋት ቶሎ እንደሚያስነሳው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ማወቄም ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

የከተማዎቹን መልእክት ጎረቤት ለጎረቤት ያደርሳል። ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ ላይ ያሉት የገጠር ደንበኞቻችን ግን ለገበያ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚወጡት። ባለቤቴ እዚያም ብልሃት አላጣም። የዚያ አገር ጭቃ ሹም የኛ ደንበኛ ነበር። ግብር የሚያስከፍል፣ መጥሪያ የሚያደርስ፣ ከመንግሥት የመጣውን ቃል ሁሉ በየደጁ የሚያሰማ ሰው ነው። "መቼም በየቤቱ መሄድህ አይቀር" አለው፤ "ይቺን ወረቀት አብረህ አድርስልኝ፤ በየወረቀቱ አንድ ማህተም ይመታልሃል።" ጭቃ ሹሙ ፊደል አይለይም። ወረቀቶቹን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ከመንግሥቶቹ ጋር አብሮ ከተታቸው።

ከወር በኋላ፣ ገበያ ባልሆነበት ሰኞ ቀን፣ አንዲት ሴት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሱቃችን ገቡ። ሴትየዋ የእናቴ እኩያ ናቸው። ለቤተ ክርስቲያን የሚለበስ ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። አወቅኳቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ሸጠው ጨውና ላምባ የሚገዙን ናቸው።

"ሳሮ" አልኳቸው። ሰላምታዬን ሳይመልሱልኝ ወረቀቴን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

"ልጄ፣ መብቴ ይቃጠላል ይላል አሉኝ" አሉ በወላይትኛ። "ፍርድ ቤት ሄድኩ። እዚያ ያለው ጸሐፊ ስቆ ወደዚህ ላከኝ። ምን አጠፋሁ?"

ሽማግሌው ማን እንደሆኑ ጠየቅኩ። ዋስ ናቸው። ሴትየዋ ለአንድ ኪሎ ስኳር ዋስ ይዘው ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው ነው የመጡት።

ሳቅኩ። ባለቤቴም ከጓዳ ወጥቶ ሳቀ፤ ዋሱ ሽማግሌም ነገሩ ሲገባቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሳቸው ብቻ አልሳቁም። በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ባላቸው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ወንድ ልጅ አልወለዱም፤ አንዲት ሴት ልጅ ሁምቦ ተድራለች። የባላቸው ወንድም "ወንድ የሌለው ቤት መሬት ምን ያደርግለታል" እያለ የእንሰቱን ጓሮና ከበታቹ ያለውን የበቆሎ ማሳ ሊወስድ ይዝታል፤ እከሳለሁ ብሏል። ከዚያች ማሳ ሌላ ምንም የላቸውም። ጭቃ ሹሙ ወረቀት ይዞ በደጃቸው ሲቆም ቀኑ ደረሰ ብለው ነበር።

አዘንኩላቸው፤ ከልቤ አዘንኩ። ከባንኮኒው ኋላ ወጥቼ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው። ከዚያም ካርዳቸውን አውጥቼ በጣቴ ማህተሙን እያሳየሁ አሁንም ጆሮዬ ላይ የሚጮኸውን ቃል ተናገርኩ።

"ይቺን ክብ ማህተም ያዩዋታል? ይቺ ያለችበት ወረቀት ከኔ ነው። ሲመጣልዎ አይፍሩ። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ይዘውልኝ ይምጡ፤ እኔ አነብልዎታለሁ።"

ማህተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "እንግዲያስ አልፈራም" አሉ። ከዚያ በፊትም ልጄ ይሉኝ ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን የእውነት ሆነ። ቅዳሜ ሲመጡ ጎደሬ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ወረቀት የመጣላቸው እንደሆነ አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡታል። አነብላቸዋለሁ፤ ሳጥን እመታለሁ፤ ይስቃሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሌላ ደንበኛ፣ አንድ ገበሬ፣ ሒሳቡን ሊሰጠኝ ኪሱን ሲፈትሽ አንድ የታጠፈ ወረቀት ባንኮኒው ላይ ወደቀ። የእኔ መስሎኝ ከፈትኩት። የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። የወረቀቱ ስፋት፣ የቀለሙ ዓይነት፣ ከታች በስተቀኝ የተመታው ክብ ማህተም፣ በእጅ የተጻፈው "እስከዚህ ቀን ባይቀርቡ" የሚለው ቃል ሁሉ ከእኔው ጋር አንድ ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው ሁለቱን የሚለይበት አንድም ነገር የለውም። እኒያ ሴት ትዝ አሉኝ።

ማታ በራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። "ማህተሙን እንቀይረው። አራት ማዕዘን ይሁን። ወይ ደግሞ በጭቃ ሹም መላኩን እንተው።"

"በሚቀጥለው አዲስ አበባ ስሄድ አራት ማዕዘን አሠራለሁ" አለኝ። "አሁን ግን መሐል ላይ ብንቀይረው ሰው የድሮው ካርድ ወደቀ ብሎ ይጮኻል።"

እውነቱን ነው፤ ይጮኹ ነበር። እኔም ደግሜ አላነሳሁትም። ሄዶ ተመለሰ፤ ረሳሁት አለ። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ረሳ። እኔ በየወሩ መጨረሻ "ባይቀርቡ" እያልኩ መጻፌን ቀጠልኩ፤ ጭቃ ሹሙም ኮቱን ከፈት አድርጎ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ይከታቸዋል። የኮቱ ኪስ ሲያብጥ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ አዞር ነበር። ለእኒያ ሴት የሚሄደውን እንኳ ለይቼ ማስቀረት እችል ነበር። ካርዳቸው ሃያ ስድስት ደርሶ ስለነበር "አራት ብቻ ቀርቶታል" ብዬ ላክሁላቸው።

የሰኔ ዝናብ በጀመረ አንድ ቅዳሜ መጡ። ጎርፍ መንገዱን ስለያዘ ሁለት ቅዳሜ ቀርተው ነበር። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው፤ ፊታቸው ግን ፈክቷል። ጎደሬውን አስቀመጡ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ካርዱንና ሁለት ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ።

"ዛሬ ሁለት ላክሽልኝ" አሉኝ። "ስኳሩ ደረሰ ማለት ነው?"

አንዱ የእኔ ነበር። ሁለተኛውን ሳነሳ የእኔ ጽሑፍ እንዳልሆነ ከማንበቤ በፊት አወቅሁ፤ የእኔ እንዲህ ዘንበል ዘንበል አይልም። የአውራጃው ፍርድ ቤት ነው። ከሳሽ የባላቸው ወንድም ነው። ነገሩ የእንሰት ጓሮና የበቆሎ ማሳ ነው። የቀጠሮው ቀን ማክሰኞ ነው፤ ያለፈው ማክሰኞ።

"ይሄን ማን ሰጠዎት?"

"ጭቃ ሹሙ ነዋ። ሁለቱንም አንድ ላይ ሰጠኝ። ያው የተለመደው ነው አለኝ። ጣቴን አስነከረኝ፤ እዚህም እንደምታስነክሪኝ።" ፊቴን አዩት። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። "ልጄ፣ ምንድን ነው? አይፍሩ ብለሽኝ አልፈራሁም እኮ።"

ነገርኳቸው። አላለቀሱም። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ማህተሙን አዩት፤ ከዚያ ካርዳቸውን አነሱና አጠገቡ አስቀምጠው ሁለቱን ማህተም ደጋግመው አመሳከሩ። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ ሁሉን ሰምቷል። ባንኮኒውን ዞረና ድምፁን አለስልሶ "አይዞዎት እናቴ" አላቸው። "ካርድዎ እኮ ሞልቷል ማለት ነው።" ማህተሙን አንስቶ የቀሩትን አራት ሳጥኖች መታ። አንድ ኪሎ ስኳር መዝኖ በወረቀት ጠቀለለና እጃቸው ላይ አኖረው። ከዚያ ካርዱን ወሰደ። የሞላ ካርድ ይመለሳል፤ ደንቡ ነው። ከካርዱ ጋር የእኔንም መልእክት ወረቀት ሰብስቦ ወሰደው።

እኔ ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር። ወደ ጓዳ ስገባ ካርዱንና ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ሲጨምር ነው ያገኘሁት።

ሰኞ አብሬያቸው ፍርድ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ ነገረን፦ ማክሰኞ ተከሳሽ ባለመቅረባቸው ከሳሽና ምስክሮቹ ብቻቸውን ተሰምተው ተፈርዷል። መጥሪያው መድረሱን የሚያሳየው ቅጂ ላይ አውራ ጣታቸው ቁልጭ ብሎ አለ። ቢሆንም አንድ መንገድ አልተዘጋም። ያልቀረቡበትን በቂ ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ካስረዱ ፍርዱ ተነስቶ ክርክሩ እንደገና ይሰማል። ደጅ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱን አስጻፍንና ቀን ተቀጠረልን።

"አንቺ ትናገሪልኛለሽ" አሉኝ ስንለያይ።

"እናገራለሁ" አልኳቸው። ሌላ ምንም አላስፈለጋቸውም። የሱቁ ሴት ቆማ "እኔ ነኝ የላክሁት፣ እኔ ነኝ አይፍሩ ያልኳቸው" ብትል ዳኛው ይሰማል፤ ካልተናገረች ደግሞ ማሳው ሄደ። ይህን እሳቸውም እኔም ባለቤቴም በእኩል እናውቅ ነበር።

ባለቤቴ በቀጠሮው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ከፊቴ ተቀመጠ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ለመነኝ።

"ፍርድ ቤት ቆመሽ የመንግሥት መጥሪያ የሚመስል ወረቀት እንበትን ነበር ልትዪ ነው? በማህተም? ያ ፖሊስ ያለውን ረሳሽው? ሱቁን ያሽጋሉ፤ እኔን ያስሩኛል። ልጆቻችንስ?" እጄን ያዘ። "አብረሻቸው ሂጂ፤ አልከለክልሽም። ብቻ አትናገሪ። ዝም አይነቅዝም።"

ሁለቱ ልጆቻችን ደጅ ይጫወቱ ነበር፤ ድምፃቸው ይሰማል። ላለመናገር አልወሰንኩም፤ ለመናገርም አልወሰንኩም። እንዲህ ያለ ሰው የወሰነ ሰው መሆኑን የተማርኩት በማግስቱ ነው።

ችሎቱ ጠባብ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ጮክ ብሎ ካልተናገረ አይሰማም። እኔ ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የባላቸው ወንድም ፊት ቆሟል። ዳኛው አማርኛ ይናገራሉ፤ አስተርጓሚው ወደ ወላይትኛ ይመልሳል።

"መጥሪያ ደርሶሻል። ጣትሽ አለበት። ለምን አልቀረብሽም?"

"የሱቁ ወረቀት መስሎኝ ነው" አሉ። "ሱቁ ወረቀት ይልክልኛል። ማህተሙ ያው ነው። ቅዳሜ ይዤ እሄዳለሁ፤ ያነቡልኛል።"

ሲተረጎም ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ የተሳለቁባቸው መስሏቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"ሱቅ መጥሪያ ይልካል? ወረቀቱን አሳዪ።"

"ወስደውታል። ካርዱ ሲሞላ ይወስዱታል።"

"ምን ሲሞላ?" አሉ ዳኛው፤ አስተርጓሚው ነጥቡንና ካርዱን ሊያስረዳ ሞክሮ ራሱም ተምታታበት። ዳኛው እጃቸውን አነሱና አስቆሙት። "ይህን የሚያስረዳ ምስክር አለሽ? የሱቁ ሰው አለ?"

እሳቸው ዞሩ። ችሎቱ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ እኔን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቆመው አዩኝ። በዓይናቸው ቁጣ ቢኖር ኖሮ እነሳ ነበር ብዬ ራሴን ስዋሽ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ቁጣ አልነበረም፤ ይጠብቁኝ ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ። ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ፣ የተፈታውን ክር፣ የወለሉን ስንጥቅ አየሁ። ዝናቡን ሰማሁ። ማንም ስሜን አልጠራም።

ከዚያ ድምፃቸው ተሰማ። ቀስ ብለው፣ በወላይትኛ፣ ለአስተርጓሚው ነገሩት።

"አለችኝ። ግን ፈርታለች። ተዋት።"

አስተርጓሚው ወደ ዳኛው ዞረና "ምስክር የለኝም ይላሉ" አለ።

ወላይትኛ የሚሰማው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ ፈራች የተባለችውን ሴት በዓይኑ ፈለገ። ዳኛው ብዕራቸውን ቀለም አስነክረው ፍርዱ እንዲጸና ጻፉ፤ ሲጽፉም ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ ለመነሳት ጊዜ ነበረኝ።